ራዲዮው የት ይቀመጥ? የአንድ ቤት ማሳየት የጉዳይ ጥናት

ቤተሰቡ ለድለላ ቢሮው የሰጠው የፍላጎት መግለጫ አጭር ነበር። አራት መኝታ ክፍል፣ ሰፊና ብርሃን የሚገባው ሳሎን፣ ቢቻል ባለ አንድ ፎቅ፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ብዙ የማይርቅ። ቤት ለመቀየር የፈለጉበትን ምክንያት በሚጠይቀው መስመር ላይ የሰፈረው «ጠበበን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። አምስት ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ የ13 እና የ9 ዓመት ወንዶች ልጆች፣ የባልየው እናት። የሚኖሩበት ቤት ሦስት መኝታ ክፍል አለው፤ አንዱን ባልና ሚስት፣ አንዱን አያት፣ ሦስተኛውን ልጆቹ ይዘውታል። ሒሳቡ ያለቀለት ይመስላል። ትልቁ ልጅ እያደገ ነው፤ የራሱ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አራት።

ጉዳዩን የያዘችው ወኪል የሥራ ባልደረባዬ ናት። የምጽፈውም ከማስታወሻዋና ከዚያ በኋላ ደጋግመን ካደረግነው ጭውውት ተነሥቼ ነው። ቤተሰቡ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ግን አልጠቅስም። መግለጫው ሐሰት አልነበረበትም። ብዙ ገዢዎች እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ እነዚህም ሰዎች ችግራቸውን ትተው ራሳቸው የገመቱትን መፍትሔ ነበር የጻፉት። መፍትሔውን የተቀበለ ወኪል ችግሩን ሳያየው ቤት ይሸጣል። ቤቱም ይሸጣል፤ ቤተሰቡም ከዓመት በኋላ ተመልሶ «ጠበበን» ይላል።

ወኪሏ መጀመሪያ ያሳየቻቸው ቤት ከመግለጫው ጋር ልክ ለልክ የሚገጥም ነበር። ምድር ቤቱ ሳሎን፣ ማድ ቤትና አንድ መኝታ ክፍል አለው፤ ፎቁ ላይ ሦስት መኝታ ክፍሎች አሉ። የሳሎኑ ጣሪያ እስከ ፎቁ ጣሪያ ድረስ ክፍት ነው። ደረጃው ከሳሎኑ መካከል ተነሥቶ ወደ አንድ መተላለፊያ ይወጣል፤ መተላለፊያው በአጥር ብረት ብቻ ተከልሎ ሳሎኑን ቁልቁል ያያል። የፎቁ መኝታ ክፍሎች በሮች በሙሉ የሚከፈቱት ወደዚህ መተላለፊያ ነው። በፎቶግራፍ ሲታይ ዓይን የሚስበው ይኸው ክፍትነቱ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው፤ ባለቤቶቹ ዕቃቸውን ካወጡ ቆይተዋል።

ባልደረባዬ ቤት ስታሳይ ከፊት አትመራም። በሩን ትከፍታለች፣ ቤተሰቡን ታስቀድማለች፣ ከኋላ ትከተላለች። (በየክፍሉ ደጃፍ ቆመው «ይህ ማድ ቤት ነው፤ ይህ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ነው» የሚሉ ወኪሎች አሉ። ገዢው የእጅ መታጠቢያውን ከምድጃው መለየት ያቅተዋል ብለው የሚሰጉ ይመስለኛል።) ከኋላ የሚሄድ ሰው የሚያየው ቤቱን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። ማን የትኛው ክፍል ገባ? ማን የት ዘገየ? እጁ ምን ነካ?

አባትየው ወዲያው ወደደው። በሳሎኑ መካከል ቆሞ ወደ ላይ እያየ ስለ ስፋቱ ተናገረ፤ ሶፋው የት እንደሚቀመጥ በእጁ አሳየ። እናትየዋ ግን ሳሎኑን በአንድ አፍታ አልፋ ወደ ፎቅ ወጣች። ማስታወሻው ላይ ስለ እሷ የተጻፈው ይህ ነው፦ ወደ መጀመሪያው መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታ ወጣች። ወደ ሁለተኛው ገባች፤ ዘጋች፤ ቆየች፤ ወጣች። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ቁም ሣጥኑን አልከፈተችም። በመስኮት ወደ ውጭ አላየችም። ገዢ ወደ ክፍል ሲገባ በር ይከፍታል እንጂ እየዘጋ አይቆምም።

ሁለተኛው ምልክት ልጆቹ ነበሩ። ባዶ ቤት ያስተጋባል፤ ልጅ ደግሞ የሚያስተጋባ ቦታ ሲያገኝ መጮኹ የታወቀ ነው። እነዚህ ግን ደረጃውን የወጡት በጣቶቻቸው ጫፍ እየረገጡ ነው። ትንሹ አንድ ጊዜ ሳቅ አምልጦት ድምፁ ከፍ ሲል ወንድሙ ክንዱን ያዘው፤ አባትየውም ከታች ሆኖ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ማንም የማይኖርበት፣ ማንም የማይተኛበት ቤት ውስጥ እየተንሾካሾኩ ነበር። ይህ ጨዋነት ብቻ ሊሆን አይችልም። ከአሁኑ ቤታቸው ይዘውት የመጡት ልማድ ነው።

አያትየዋ ደረጃውን አልወጡም። ሰፊው መስኮት ሥር ባለው ድንጋይ መደገፊያ ላይ አረፍ ብለው ሌሎቹን ይጠብቁ ነበር። ባልደረባዬ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ቤቱን እንዴት አገኙት?»

አልመለሱላትም። ጆሯቸውን ወደ እሷ አዙረው «ምን አልሽኝ ልጄ?» አሉ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጥያቄውን ቀየረች፤ ይህ ቤት የእናንተ ቢሆን እርስዎ የት ይቀመጡ ነበር አለቻቸው። አያትየዋ የመስኮቱን ጥግ አመለከቱ። «እዚህ። ፀሐይም አለው። ራዲዮዬን እዚያች ጋ…» ብለው ጀመሩና አቋረጡት። «አይ፣ ተይው። ራዲዮውስ ይቅር።»

«ለምን ይቀራል?»

«እኔ ጆሮዬ ደክሟል። የከፈትኩት ድምፅ የት ድረስ እንደሚሄድ አላውቅም። እሷ ደግሞ ትተኛለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ። ስለዚህ ዝም እላለሁ።»

ባልደረባዬ በዚህ ጊዜ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አላት፤ ለእኔም ከፍላጎት መግለጫው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። «ምን ዓይነት ቤት ይፈልጋሉ?» አትልም። «ትናንትን ይንገሩኝ፤ ከነቁበት ሰዓት ጀምሮ» ትላለች። ሰው ስለ ምኞቱ ሲጠየቅ ከጎረቤትና ከማስታወቂያ ያየውን ይደረድራል። ስለ ትናንት ሲጠየቅ ግን የሚናገረው የሆነውን ነው፤ ከየትኛው ክፍል ወደ የትኛው እንደሄደ፣ ማን መንገድ ላይ እንደነበረ፣ ምን እንደተወ ሳያውቀው ይዘረግፈዋል። «ትናንት» መሆኑም ምክንያት አለው። «አብዛኛውን ጊዜ» ከተባለ ሰው የተስተካከለ ቀን ፈጥሮ ይነግርሃል።

የአያትየዋ ትናንት እንዲህ ነበር። ማለዳ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት፣ ልጃቸው ወደ ሥራ ሄዱ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ምራታቸው ከሌሊት ሥራ ተመለሰች፤ ትንሽ ቀማምሳ ሦስት ሰዓት ላይ ተኛች። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አያትየዋ ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን ዝም ብለው ተቀመጡ። ዕቃ አላጠቡም፤ ይንኳኳል። ስልክ ሲጠራ አላነሡም፤ ለመስማት መጮኽ አለባቸው። አየሩ ጥሩ ስለነበር ጥቂት ጊዜ ውጭ ወንበር ላይ አሳለፉ። ራዲዮው የተከፈተው ምራታቸው ከነቃች በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ልጆቹ መጥተው የቤት ሥራ ጀምረዋል፤ ስለዚህ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ባልደረባዬ ወደ ፎቅ ወጣች። እናትየዋ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነበረች። የቤተሰብን ምሥጢር ከአንዱ አፍ ሰምቶ ለሌላው ማድረስ የወኪል ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ የሰማችውን አላነሣችም። የጠየቀቻት ያየችውን ብቻ ነው፤ «በሮቹን እየዘጉ ሲቆሙ አየሁ። የሚሰሙት ነገር አለ?»

እናትየዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ነገረቻት። ቀን እንቅልፍ ካጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። አማቷን ራዲዮ ያጥፉ ብላ አታውቅም፤ ብትልም አትችልም። የባሏ እናት ናቸው፤ ቤቱ የእሳቸውም ነው። «ዝም ብለው እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። እሱ ደግሞ ይብሳል። አልጋዬ ላይ ሆኜ እሳቸው ዝም ማለታቸውን አዳምጣለሁ።» ባሏ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶላቸው ነበር። አያትየዋ ካደረጉት በር ሲንኳኳ ስለማይሰሙ፣ ከቤቱም የወጡ ያህል ስለሚሰማቸው አውልቀው አስቀምጠውታል። አራተኛው መኝታ ክፍል የባልየው ሐሳብ ነው፤ ክፍል ከበዛ ሰው ይራራቃል፣ ሰው ከተራራቀ ድምፅ አይደርስም ብሎ።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ የባልየው ግምት ምክንያታዊ ቢመስልም ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይሠራምና። ድምፅ በቤት ውስጥ የሚደክመው በእርምጃ ብዛት ሳይሆን በመንገዱ ላይ በሚቆመው ነገር ነው። ሁለት ሰዎች በመደበኛ ድምፅ ሲነጋገሩ ወደ 60 ዴሲቤል ይሆናል። ጆሮው የደከመ ሰው የሚከፍተው ራዲዮ ከዚያ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የድምፅ መመሪያ ለእንቅልፍ የሚስማማ መኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ በራዲዮውና በአልጋው መካከል 40 ዴሲቤል ያህል ወይም ከዚያ በላይ መጥፋት አለበት። በሁለቱም በኩል የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ይህን ሊሠራ ይችላል። ውስጡ ባዶ የሆነ ተራ በር ግን ከ20 ብዙ አይበልጥም፤ ከሥሩ የጣት ውፍረት ክፍተት ካለው ደግሞ ያንንም አይደርስም። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ የሚወጣው በቀዳዳው በኩል ነው። ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር የክፍሉ ጸጥታ የሚለካው በበሩ ነው።

የመጀመሪያው ቤት ችግር ያኔ ግልጽ ሆነ። ሳሎኑና የፎቁ መተላለፊያ አንድ አየር ናቸው። ከሳሎኑ ጥግ የሚነሣ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ በየመኝታ ክፍሉ በር ላይ ይቆማል፤ በመካከል አንድ ቀጭን በር ብቻ አለ። አራት መኝታ ክፍል ቢኖረውም ለዚህ ቤተሰብ ከአሁኑ ቤታቸው የባሰ ነበር። በዚያ ላይ ትልቁ መኝታ ክፍል ሰፊ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ማለዳ ለሚነሣ ሰው ደስ ይላል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ለሚተኛ ሰው ግን ፀሐይዋ አልጋው ላይ የምትደርሰው ልክ ዓይኑን ሲከድን ነው።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ልትነግራቸው ትችል ነበር። አልነገረችም፤ አስፈተነቻቸው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ወኪሏ የምትሠራው ሻጩን ወክላ ጭምር ነው፤ የሻጩን ቤት በገዢ ፊት ማጣጣል አትችልም። እውነቱ በራሱ ጆሮ እንዲመጣለት ማድረግ ግን ለማንም በደል አይሆንም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ወኪል የገዢን ዕድሜ፣ ሕመም ወይም የቤተሰብ ሁኔታ አይቶ «ይህ ቤት ለእናንተ አይሆንም» ብሎ መወሰን የለበትም። በብዙ አገሮች ሕግም ያስጠይቃል። መረጃውን ማውጣት የወኪል ነው፤ ውሳኔው የቤተሰቡ።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ማንኛውም ገዢ ሊያደርገው ይችላል። ስልኳ ላይ የንግግር ፕሮግራም ከፈተች። ሙዚቃ አይደለም፤ እንቅልፍ የሚነሣው የሚገባ ቃል ነውና። ስልኩን ይዛው ከምትዞረው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝታ አያትየዋ በጠቆሙት ጥግ አስቀመጠችውና «እማማ፣ ለእርስዎ እስኪመችዎ ድረስ ከፍ ያድርጉት» አለቻቸው። ይህ ነጥብ ወሳኝ ነው፤ ድምፁን የሚወስነው ራሱ የሚሰማው ሰው መሆን አለበት። አያትየዋ መጀመሪያ በይሉኝታ ዝቅ አደረጉት። «ምን እንዳለ ይንገሩኝ» ስትላቸው መድገም አልቻሉም፤ ከዚያ እውነተኛው ልክ ላይ አደረሱት። እናትየዋና አባትየው ፎቅ ወጥተው ከሳሎኑ በጣም የራቀውን ክፍል ዘጉ። ጥቂት ቆይተው ሲወርዱ አባትየው ተናጋሪው ያለውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ደገመው።

ባዶ ቤት ይዋሻል፤ ይህን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ምንጣፍ፣ መጋረጃና ሶፋ ሲገባ ማስተጋባቱ ይቀንሳል፤ ሳሎኑ ራሱም ትንሽ ይረጋጋል። አባትየውም ይህንኑ አነሣ፤ ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ በሩን እንቀይራለን፣ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ እንለጥፋለን አለ። በሩን መቀየር በእርግጥ ይረዳል፤ ድፍን እንጨት ሆኖ ዙሪያውን ጎማ ከተደረገበት ብዙ ለውጥ አለው። ስፖንጁ ግን የተለመደ ስሕተት ነው። ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ እንዳያስተጋባ ያደርጋል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። ድምፅን የሚያግደው ክብደትና የተዘጋ ቀዳዳ ነው። በሩ ቢቀየር እንኳ የሳሎኑ ክፍት ጣሪያ እንዳለ ነው፤ እሱን መዝጋት ማለት ቤቱን ውብ ያደረገውን ነገር ማፍረስ ነው። አባትየው ወደ ላይ እያየ ቆየ። ከዚያ «ታዲያ ምን እንፈልግ?» አለ። ቢሮውን ያገኙት ከዚያ ቀን በፊት ቢሆንም እኔ ትክክለኛው ሥራ የተጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው እላለሁ።

አዲሱን መግለጫ እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ቆመው ጻፉት። የመኝታ ክፍል ብዛት ከዝርዝሩ ግርጌ ወረደ። ከላይ የሰፈረው እንዲህ ነበር፦ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ የማይጋራ አንድ መኝታ ክፍል፤ በእሱና በሳሎኑ መካከል ሁለት በር፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅም ወደ መንገድም ያልሆነ፤ የአያትየዋ ክፍል ምድር ላይ ሆኖ ከሳሎኑና ከመጸዳጃ ቤቱ የተጠጋ። ሁለት በር የሚለው ለጌጥ አይደለም። በመካከሉ ትንሽ ኮሪደር ያለበት ሁለት ተራ በር ከአንድ ውድ በር የተሻለ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ኮሪደሩ ድምፁን ይዞ ያስቀረዋል።

በዚህ መስፈርት ሲፈለግ ከቢሮው ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ ያልታየ ቤት ወጣ። ያልታየበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሦስት መኝታ ክፍል ስላለው በኮምፒውተሩ የመጀመሪያ ማጣሪያ ላይ ወድቆ ነበር። ምድር ላይ የተሠራ፣ ማዕዘን ሠርቶ የሚታጠፍ ቤት ነው። በአንዱ ክንፍ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ መጸዳጃ ቤትና ሁለት መኝታ ክፍሎች አሉ። በማዕዘኑ ላይ ወደ ሁለተኛው ክንፍ የሚያስገባ በር አለ፤ ከዚያ አጭር ኮሪደር፣ ዕቃ ቤት፣ በመጨረሻም ወደ ጓሮ የሚያይ አንድ መኝታ ክፍል። ፎቶግራፉ ምንም አይስብም። ቀድሞ ቢሆን አባትየው በሩን አያልፍም ነበር።

የሚጎበኙበትን ሰዓት ባልደረባዬ መረጠች፤ በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የመጀመሪያውን ቤት ያዩት በእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ያ ሰዓት ለዚህ ቤተሰብ ምንም አይነግርም። ቤት መታየት ያለበት ሰው በሚቸገርበት ሰዓት ነው። እናትየዋ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ጎረቤቱ ምን እንደሚያሰማ፣ በመንገዱ ላይ ምን እንደሚያልፍ፣ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንዳለች ያለ ግምት አዩ።

ፈተናው ተደገመ። አያትየዋ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ተቀመጡ፤ በዚህ ጊዜ የራሳቸውን ራዲዮ ይዘው ነው የመጡት፤ ድምፁንም ያለ ይሉኝታ ከፈቱት። ሁለቱም በሮች ተዘጉ። እናትየዋ ጓሮው ክፍል ውስጥ ቆመች። ቃሉ አይለይም፤ ግን ሰው እንደሚናገር ይታወቃል። ከተጠበቀው በላይ ነበር። መንገዱ ላይ ሁለት በርና አንድ ዕቃ ቤት እያለ ይህን ያህል መሰማት አልነበረበትም። እንዲህ ሲሆን ድምፁ በበሩ ሳይሆን በሌላ በኩል እየመጣ ነው ማለት ነው። ባልደረባዬ ጆሮዋን በሩ ላይ አደረገች፤ ደካማ ነው። ወደ ክፍሉ መካከል ተመልሳ ቀና አለች፤ ከላይ ይበልጥ ይሰማል። ኮርኒሱ ነበር።

ይህ በምድር ቤቶች ላይ ደጋግሞ የሚገኝ፣ ገዢዎች ግን ፈጽሞ የማያዩት ጉድለት ነው። ብዙ ግንበኞች የውስጥ ግድግዳውን የሚያቆሙት ኮርኒሱ ጋ ሲደርሱ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ እስከ ጣሪያው ያለው ባዶ ቦታ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ድምፅ በአንዱ ክፍል ስስ ኮርኒስ ወጥቶ፣ በግድግዳው አናት ላይ ተሻግሮ፣ በሌላው ክፍል ኮርኒስ ይወርዳል። ለማረጋገጥ ወደ ኮርኒሱ ላይ የሚያስገባውን መክፈቻ ከፍቶ በእጅ ባትሪ ማየት ይበቃል። መሰላል ተገኘ፤ አባትየው ወጣ። በማዕዘኑ በር ላይ ያለው ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ቆሟል፤ ብርሃኑ ከአንዱ ክንፍ እስከ ሌላው ያለ ከልካይ ይሄዳል።

ይህ ግን ከመጀመሪያው ቤት ችግር ጋር አይወዳደርም። ክፍት ሳሎን የቤቱ አሠራር ነው፤ ከኮርኒስ በላይ ያልተሞላ ግድግዳ ያላለቀ ሥራ ነው። በብሎኬት ሞልቶ፣ በሁለቱም በኩል ለስኖ፣ ሽቦና ቧንቧ የሚያልፍበትን ቀዳዳ መዝጋት ብቻ ይጠይቃል፤ ቤቱ ሳይፈርስ ጥቂት ቀናት የሚወስድ ሥራ ነው። ባልደረባዬ ጉዳዩን ለሻጩ ያቀረበችው እንደ ነቀፋ ሳይሆን እንደ ውል ነጥብ ነው፤ ግድግዳው ከርክክብ በፊት ይሞላ፣ ገዢው ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ ይየው። ሻጩ ቤቱ ብዙ ጊዜ ታይቶ ሳይሸጥ ስለቆየ አልተከራከረም። ግድግዳው ሲያልቅ ራዲዮው ሦስተኛ ጊዜ ተፈተነ። በስልክ የድምፅ መለኪያ ለክተውት ነበር፤ የስልክ መለኪያ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፣ ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በፊትና በኋላ የተለካው ልዩነት ይታመናል። ከመለኪያው በላይ ግን የእናትየዋ መልስ ይበቃ ነበር። በሩን ከፍታ ወጥታ «ጀመረ እንዴ?» አለች።

ገዙት። ያጡት ነገርም አለ። ትልቁ ልጅ የራሱን ክፍል አላገኘም፤ አራተኛው መኝታ ክፍል ከሁሉም በላይ የእሱ ተስፋ ነበር፤ ለሳምንታት ማኩረፉን አባቱ ተናግሯል። በኮሪደሩ ያለው ዕቃ ቤት ተጠርጎ ጠረጴዛና መደርደሪያ ገባለት። ጠባብ ነው፤ ግን በር አለው፤ ለ13 ዓመት ልጅ በር ቀላል ነገር አይደለም። አባትየውም ያንን ከፍ ያለ ሳሎን እንደሚያነሣው ሰምቻለሁ። ያ ቤት ኋላ ላይ ሁለቱም ቀን ለሚሠሩ ባልና ሚስት ተሸጧል፤ እነሱም ያማረሩበትን አልሰማንም።

ባልደረባዬ ከገቡ ከጥቂት ወራት በኋላ ልትጠይቃቸው ሄዳ ነበር። አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ራዲዮው ከሳሎኑ እስከ ውጭ በር ይሰማል፤ አያትየዋ ዕቃ እያጠቡ ነበር። እናትየዋ ተኝታለች። አንድ ችግር ግን ገጥሟቸው ነበር፤ ልጆቹ የማዕዘኑን በር ከፍተው ይሄዱና ሁለቱ በር አንድ ይሆናል። ተግሣጽ አልሠራም፤ በራሱ የሚመልስ ማጠፊያ አስገቡለት። ሌላው ቅሬታ የትልቁ ልጅ ነው። የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ከሳሎኑ ጋር የተጋራ ስለሆነ፣ ወዶም ሆነ ሳይወድ ከአያቱ ጋር ዜና ይሰማል፤ የየሰዓቱን ፕሮግራም በቃሉ አውቆታል።